የሳፋየር ቀለም በየትኛው ብርሃን ይለካል?

(ለድንጋይ ቆራጮችና ነጋዴዎች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቀጥታ ወደ ድንጋዩ ልግባ።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳፋየር 2.3 ካራት ይመዝናል። ሞላላ ሆኖ ተቆርጧል። የመጣው ከትግራይ፣ ከአክሱም ብዙም ከማይርቀው ከጭላ አካባቢ ነው። እዚያ ሳፋየር መውጣት የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ገደማ እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ቅድም ስትገቡ ድንጋዩን በእጃችሁ ይዛችሁ እንድታዩት አድርጌ ነበር። በር ላይ ፀሐይ ያገኛችሁት «ቆንጆ ሰማያዊ ነው» አላችሁ። እዚህ ውስጥ በቢጫው አምፖል ያያችሁት ደግሞ «ጥቁር ነው፣ አይሸጥም» አላችሁ። ድንጋዩ አንድ ነው። ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የተናገራችሁት። ግን በዚህ ዓይነት ንግግር ዋጋ ላይ መስማማት አይቻልም።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህን ድንጋይ እንዴት አድርገን ሁላችንም የምንግባባበት ደረጃ እንደምንሰጠው ነው። ደረጃው ሦስት ነገሮችን ይናገራል፤ ሂው የሚባለውን የቀለም ዓይነት፣ ቶን የሚባለውን የጨለማነት መጠንና ሳቹሬሽን የሚባለውን የቀለም ጉልበት። ሦስቱም ግን ትርጉም የሚኖራቸው ብርሃኑ ሲታወቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ከብርሃኑ እንነሳ።

ሳፋየር የራሱ ብርሃን የለውም። የሚደርሰውን ብርሃን ተቀብሎ፣ ከፊሉን ውጦ የቀረውን ነው የሚመልሰው። ሰማያዊ ሳፋየር ውስጥ ያሉት ብረትና ቲታኒየም አብረው ሆነው ቀዩን፣ ብርቱካናማውንና ቢጫውን ይውጣሉ። የሚተርፈው በአብዛኛው ሰማያዊው ነው። አሁን ይህን ድንጋይ በቢጫ አምፖል ሥር አስቡት። የክር አምፖል ብርሃን፣ የብርሃን መልክ በሚለካበት በኬልቪን፣ ወደ 2,800 ገደማ ነው። ቀዩና ቢጫው የበዛ፣ ሰማያዊው ግን በጣም ያነሰ ነው። ድንጋዩ የመጣለትን አብዛኛውን ይውጠዋል፤ የሚመልሰው ሰማያዊ ደግሞ መጀመሪያም አልደረሰውም። ስለዚህ ይጠቁራል፤ ግራጫም ይሆናል። ሩቢ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። በቢጫ አምፖል ሥር ይደምቃል። አንዳንድ ወርቅ ቤቶች ሩቢውን በሞቀ ብርሃን፣ ሳፋየሩን በነጭ ብርሃን የሚደረድሩት ለዚህ ነው።

ቀለም ለመለካት የምንጠቀመው ከቀን ብርሃን ጋር የሚመሳሰል መብራት ነው። በቁጥር ሲነገር ከ5,000 እስከ 6,500 ኬልቪን ይሆናል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ገበያ ሄዶ 6,500 ኬልቪን የሚል ኤልኢዲ ይገዛና «የቀን ብርሃን አገኘሁ» ይላል። ኬልቪን የሚነግረን የብርሃኑ ጠቅላላ መልክ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱን ብቻ ነው። በውስጡ የትኞቹ ቀለሞች እንዳሉና እንደጎደሉ አይነግረንም። ተራ ነጭ ኤልኢዲ የሚሠራው ሰማያዊ ብርሃን በሚያወጣ ቁራጭ ላይ ቢጫ የሚያበራ ቅባት በመቀባት ነው። በዚህ ምክንያት 450 ናኖ ሜትር አካባቢ ሰማያዊው ተነጥሎ ሽቅብ ይወጣል። ከሱ ቀጥሎ ወደ አረንጓዴው ስንጠጋ ደግሞ ጎድጓዳ ቦታ አለ። ያ ሹል ሰማያዊ ሳፋየርን ያለ አግባብ ያሳምረዋል። ድንጋዩን በዚያ መብራት ገዝታችሁ ደጅ ስታወጡት ሌላ ይሆንባችኋል።

ስለዚህ ሁለተኛ ቁጥር እንጠይቃለን። ሲአርአይ ይባላል። መብራቱ ቀለሞችን ከተፈጥሮ ብርሃን ጋር አቀራርቦ የማሳየት ችሎታውን ከመቶ ይለካል። ለእኛ ሥራ ከ90 በታች የሆነ አይረባም፤ 95 ቢሆን ይመረጣል። ይህም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ሲአርአይ የሚሰላው በስምንት ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች ነው፤ ደማቅ ቀይ ከነሱ ውስጥ የለበትም። ደማቁ ቀይ ለብቻው አር 9 በሚባል ቁጥር ይነገራል። ሲአርአዩ 80 የሆነ መብራት አር 9 ላይ ዜሮ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ሩቢና ሮዝ ቱርማሊን የምትነግዱ ይህን ቁጥር ሳትጠይቁ መብራት አትግዙ።

«ለምን መብራት እንገዛለን? ፀሐይ አለልን አይደል?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የቀን ብርሃን ይሠራል፤ ግን ቀጥታ ፀሐይ አይሠራም። ቀጥታ ፀሐይ ድንጋዩን አልፎ ውስጡን ስለሚያበራው ቶኑን ያቀለዋል፤ ነጸብራቁም ዓይን ይወጋል። የድሮዎቹ የአውሮፓ መጻሕፍት «በሰሜን መስኮት በሚገባ ብርሃን እይ» ይላሉ። ለነሱ ልክ ነው። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ሁልጊዜ በደቡባቸው በኩል ስለምታልፍ በሰሜን መስኮት ቀጥታ አትገባባቸውም። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው ያለችው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከኛ በስተሰሜን ናት። በእነዚያ ወራት የሰሜን መስኮት ብለን ተማምነን ብንቀመጥ ፀሐይ ፊት ለፊታችን ትመጣለች። እኛ ጋ መጽሐፉን እንዳለ መከተል አያዋጣም።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ሰማያዊ ሲሆንም ችግር አለ። ፀሐይ በሌለበት በኩል ከጥርት ሰማይ የሚመጣው ብርሃን ከ10,000 ኬልቪን በላይ ሊወጣ ይችላል። ሰማያዊ የበዛበት ነው፤ ሳፋየርን ያሳምራል። የተሻለው ስስ ደመና ያለበት ቀን ነው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ባለው ውስጥ። ደመናው የፀሐይንና የሰማይን ብርሃን ቀላቅሎ ያመጣዋል። መስኮቱ ፊት ለፊት አረንጓዴ ዛፍ፣ ቀይ የተቀባ ግድግዳ ወይም ፀሐይ የሚመልስ ቆርቆሮ ካለ ግን ቦታ ቀይሩ። እኔ በግሌ መብራት እመርጣለሁ። ማታም ጠዋትም፣ ክረምትም በጋም አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው።

አሁን መብራቱን አብርቻለሁ፤ ሌሎቹን አጥፍቻለሁ፤ መጋረጃውን ዘግቻለሁ። ሁለት ብርሃን ከተቀላቀለ ልኬት የለም። ጠረጴዛው ላይ ያነጠፍኩት ነጭ ወረቀት ነው፤ የማያብለጨልጭ። የድንጋይ መያዣ ወረቀቱ ላይ ለምን እንደማልለካ ልንገራችሁ። ወረቀቱ ውስጡ ፈዛዛ ሰማያዊ ሽፋን አለው። ዊንዶ ያለበት፣ ማለትም መሀሉ ከሥሩ ያለውን የሚያሳልፍ ሳፋየር ያንን ሰማያዊ ተቀብሎ ያሳያል። ልብስም እንደዚሁ ነው። ቀይ ሹራብ ለብሶ ድንጋይ ላይ የሚያጎነብስ ሰው የራሱን ሹራብ ድንጋዩ ላይ ያያል። ነጭ ወይም ግራጫ ልበሱ።

ድንጋዩን በጨርቅ ጠረግሁት። የጣት ቅባት ከሥሩ ካለ ብርሃኑ እንዳይመለስ ያደርገዋል፤ ድንጋዩም ከሚገባው በላይ ይጠቁራል። ከዚያ ጠረጴዛውን፣ ማለትም ትልቁን ጠፍጣፋ ፊት ወደ ላይ አድርጌ በመቆንጠጫ ያዝኩት። መብራቱ ከላይ ነው፤ ከድንጋዩ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ዓይኔም በዚያው ያህል ርቀት ከፊት ለፊት ነው። ከጎን ወይም ከጀርባ አላይም። በእጅ ባትሪ ከሥር ማብራት ስንጥቅና ውስጠ ነገር ለመፈለግ ጥሩ ነው። ለቀለም ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ከሥር ከበራ የትኛውም ጥቁር ሳፋየር እንደ እሳት ይነድዳል።

ድንጋዩን ቀስ አድርጌ ወዲያና ወዲህ አወዛውዘዋለሁ። ሦስት ነገር ይታያል። አንደኛው እንደ ብልጭታ የሚመላለስ ሕያው ሰማያዊ ነው። ሁለተኛው ጥቁር ቦታ ነው፤ ድንጋዩ ሲንቀሳቀስ እሱም ቦታ ይቀይራል። ይህ ብርሃን ያልተመለሰበት ቦታ ነው፤ የቀለም ቶን አይደለም። ሦስተኛው መሀል ላይ ፈዘዝ ያለ ቦታ ነው። ዊንዶ የምንለው ይህ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈ ነገር በዚያ በኩል ከተነበበ ዊንዶ ነው። ሂውን፣ ቶንንና ሳቹሬሽንን የምንለካው በመጀመሪያው፣ በሕያው ቀለሙ አማካይ ላይ ነው። ጥቁሩንና ዊንዶውን ለቆረጣ ደረጃ እንተዋቸዋለን። ይህን አለመለየት ከሁሉ የበለጠ ክርክር ያመጣል። ክፉኛ የተቆረጠ መካከለኛ ሰማያዊ ድንጋይ «ጥቁር» ተብሎ ሲጣል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ሂው። ሂው ማለት የቀለሙ ዓይነት ነው፤ ሰማያዊ ነው ወይስ አረንጓዴ፣ ወደ የትኛውስ ያደላል? የአሜሪካው የጌሞሎጂ ተቋም ጂአይኤ የቀለም ክቡን በ31 ሂው ከፍሎታል። የኛ ጥያቄ ግን ጠባብ ነው። ይህ ሰማያዊ ወደ ቫዮሌት ያደላል፣ ወደ አረንጓዴ ያደላል ወይስ ልክ መሀል ነው? ሳፋየር በሁለት አቅጣጫ ሁለት ቀለም ያሳያል። በክሪስታሉ ርዝመት አቅጣጫ ሲታይ ሰማያዊ ወይም ወደ ቫዮሌት የሚያደላ ነው፤ በጎኑ ሲታይ አረንጓዴ ይነካዋል። ይህን ድንጋይ በጎኑ ስይዘው አረንጓዴው ይታያል። ከፊቱ ሲታይ ግን የለም። ቆራጩ አቅጣጫውን አውቆ ነው የቆረጠው። ደረጃ የሚሰጠው ከፊቱ በሚታየው ነው። ስለዚህ «ሰማያዊ» ብዬ ጻፍኩ።

ቀጥሎ ቶን። ቶን የብርሃንነትና የጨለማነት መጠን ነው። ከ0 እስከ 10 ይሄዳል፤ 0 ቀለም አልባ፣ 10 ጥቁር ነው። የከበሩ ድንጋዮች በተግባር ከ2 እስከ 8 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። 5 መካከለኛ፣ 6 ጠቆር ያለ መካከለኛ፣ 7 ጥቁር፣ 8 በጣም ጥቁር ነው። ቶን ለመለካት ቀለሙን መርሳት አለባችሁ። ከነጭ እስከ ጥቁር በደረጃ የተቀባ የግራጫ ሰሌዳ ከድንጋዩ ጎን አስቀምጣለሁ። ዓይኔን ጨፈን አደርጋለሁ። ዓይን ሲጨፈን ቀለሙ ይደክምና ጨለማነቱ ይቀራል። የትኛው ግራጫ ከድንጋዩ ጋር ይተካከላል? 6 ይሳሳል። 8 ይበልጠዋል። 7 አልኩት።

ሦስተኛው ሳቹሬሽን ነው። ሳቹሬሽን የቀለሙ ጥራትና ጉልበት ነው። ከ1 እስከ 6 ይሄዳል። እንደ ሰማያዊና አረንጓዴ ባሉ ቀዝቃዛ ቀለሞች ላይ ሳቹሬሽን ሲያንስ ግራጫ ይገባል። እንደ ቀይና ቢጫ ባሉት ላይ ሲያንስ ቡናማ ይገባል። 1 ግልጽ ግራጫ ያለበት ነው፤ 3 ግራጫው በጣም ጥቂት የሆነበት፤ 4 ላይ ግራጫው ጠፍቶ ቀለሙ መጠነኛ ጉልበት ያገኛል፤ 5 ጠንካራ፣ 6 እጅግ ደማቅ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ቶንንና ሳቹሬሽንን መለየት የዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል ነው። ብዙ ሰው ጠቆር ያለን ድንጋይ «ቀለሙ ጠንካራ ነው» ይላል። ጥቁረትና ጥንካሬ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እያንዳንዱ ሂው ሳቹሬሽኑ ከሁሉ በላይ የሚደርስበት የራሱ ቶን አለው። ቢጫ ሳፋየር ከፍተኛ ጉልበቱን የሚያገኘው ገና ፈካ ባለበት ነው፤ ሲጨልም ቡናማ ይሆናል። ሰማያዊ ደግሞ ጠቆር ሲል ይጠነክራል፤ ቶን 5 እና 6 ላይ ያምርበታል። ከዚያ ሲያልፍ ግን ጉልበቱ ወደ ታች ይመለሳል፤ ጥቁረቱ ቀለሙን ይውጠዋል። ስለዚህ ቶን 7 ላይ ያለ ሳፋየር ሳቹሬሽኑ 6 ነው ያለ ሰው ካጋጠማችሁ መብራቱን ተመልከቱ። ወይ የእጅ ባትሪ አለ፣ ወይ ሹል ሰማያዊ ያለው ኤልኢዲ አለ።

የትግራይ ሳፋየር ከባሳልት ድንጋይ ጋር የተያያዘ ነው። እንዲህ ያሉ ሳፋየሮች፣ የአውስትራሊያዎቹም ጭምር፣ ብረት ይበዛባቸዋል። ብረቱ ነው ጥቁረቱንና አረንጓዴነቱን የሚያመጣው። ስለዚህ የኛ ድንጋይ ዋና ጥያቄ ሁልጊዜ ቶን ነው። በዚህ ድንጋይ ላይ ሳቹሬሽኑን ለማወቅ ደረጃው የታወቀ ሌላ ሳፋየር አጠገቡ አስቀመጥኩ፤ እሱ ቶን 6፣ ሳቹሬሽን 4 ነው። ሁለቱን ለጥቂት ሰከንዶች አየሁ። ከዚያ ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ ቀየርኩ። ይህን አትተዉት። ቦታ ብቻ በመለየቱ አንዱ ደምቆ ሊታይ ይችላል፤ ሲቀያየሩ የተለየ ፍርድ ከሰጣችሁ ያያችሁት የቦታውን ልዩነት ነው። የኛው ድንጋይ በሁለቱም ቦታ ጥቂት ግራጫ ያለበት ሆኖ ታየኝ። 3 ሰጠሁት።

ውጤቱ ይኸው፤ ሰማያዊ፣ ቶን 7፣ ሳቹሬሽን 3። በአጭሩ ሰማያዊ 7/3 ተብሎ ይጻፋል። አሁን በር ላይ «ቆንጆ ሰማያዊ» ያለውና ውስጥ «ጥቁር» ያለው ሰው የሚገናኙበት ነገር አለ። ሁለቱም የዋጋ ንግግራቸውን ከዚህ ይጀምራሉ። በአጠቃላይ ገበያ የሚፈልገው ሳፋየር ከሰማያዊ እስከ ቫዮሌት የነካው ሰማያዊ፣ ቶኑ 5 ወይም 6፣ ሳቹሬሽኑ 5 ወይም 6 የሆነ ነው። የኛው ድንጋይ በቶን አንድ ደረጃ፣ በሳቹሬሽን ሁለት ደረጃ ይቀረዋል።

ቆራጮች እዚህ ላይ የምትሠሩት ሥራ አለ። ብርሃን ድንጋዩ ውስጥ ረጅም መንገድ በሄደ ቁጥር ብዙ ይዋጣል። ሻይ በትንሽ ብርጭቆ ቀይ ሆኖ በትልቅ የብርጭቆ ዕቃ ሙሉ ሲቀመጥ ጥቁር የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው። የጠቆረ ጥሬ ድንጋይ ስታገኙ ካራት ለማትረፍ ሆዱን ወፍራም አድርጋችሁ አትተዉት። ቀነስ አድርጋችሁ ብትቆርጡት ቶኑ ከ7 ወደ 6 ሊወርድ ይችላል፤ ሳቹሬሽኑም አብሮ ይነሳል። ወሰን ግን አለው። ሆዱ ከልክ በላይ ከሳሳ መሀሉ ላይ ዊንዶ ይከፈታል፤ ያኔ ቀለም ለማዳን ብላችሁ ቀለም ታጣላችሁ። ሁለት ተመሳሳይ ጥሬ ካላችሁ አንዱን አስቀድማችሁ ሞክሩና በዚሁ መብራት ሥር ለኩት።

ስለ ዓይናችንም ጥቂት ልበል። ቀይ ድንጋይ ላይ ረጅም ጊዜ ካፈጠጣችሁ በኋላ ግራጫ ነገር አረንጓዴ ይመስላችኋል። ሰማያዊ ላይ ካፈጠጣችሁ ደግሞ ነጩ ወረቀት ቢጫ ይመስላል፤ የሚቀጥለውም ሳፋየር ደክሞ ይታያችኋል። ስለዚህ ጥቂት ሰከንድ አይታችሁ ግራጫ ወረቀት ላይ ዓይናችሁን አሳርፉ። ከፀሐይ ገብታችሁም ወዲያው አትለኩ። በመብራቱ ሥር ጥቂት ደቂቃ ተቀመጡ። ቀይና አረንጓዴን በደንብ የማይለዩ ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹ እስኪመረመሩ ድረስ አያውቁትም። የኢሺሃራ የነጠብጣብ ምርመራ ዓይን ሐኪም ጋ ይገኛል፤ ለአንድ ጊዜ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ድንጋይ የምትገዙት በዓይናችሁ ነው።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን እዚህ አስገባለሁ።

አንድ ወንድም ስለ ወሎ ኦፓል ጠየቀ። ኦፓልን በዚህ መንገድ አትለኩ። ኦፓል ላይ ዋጋ የሚሰጠው ሲገለበጥ የሚፈነጥቀው የቀለም ጨዋታ ነው። አንድ ሂው የለውም። የመደቡ ቶን ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ ግን የቀለሞቹ ድምቀት፣ ብዛትና አጣጣል ነው የሚታየው። የሻኪሶ ኤመራልድ ግን በትክክል በዚህ መንገድ ይለካል። እሱ ላይ ዋናው የሂው ጥያቄ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ነው ወይስ ወደ ቢጫ የሚያደላው የሚለው ነው።

አንዲት እህት ደግሞ ጥሩ ነገር አነሳች። ባንኮክ ወይም ጃይፑር ላለ ገዢ በስልክ ፎቶ ስትልክ ገዢው ሁልጊዜ «ሲደርሰኝ ሌላ ሆነ» ይላታል። ስልክ ነጩን በራሱ ግምት ያስተካክላል። ፎቶው ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር ሰማያዊ ከሆነ ስልኩ ሰማያዊውን ያስታግሰዋል። መፍትሔው ድንጋዩን ብቻውን አቅርቦ አለማንሳት ነው። በዚሁ መብራት ሥር፣ ከጎኑ ግራጫ ካርድ አድርጋችሁ፣ ካርዱ ፎቶው ውስጥ በደንብ እንዲታይ አንሱ። ገዢው በሱ ስክሪን ላይ ካርዱ ግራጫ ሆኖ ካልታየው ቀለሙን እንደማይታመን ወዲያው ያውቃል። ከፎቶው ሥር ደግሞ ይህን ጻፉ፤ ሰማያዊ 7/3፣ 6,500 ኬልቪን፣ ሲአርአይ 95፣ ከፊት ለፊት፣ በነጭ ላይ።